ከሐይቅ ዋና በኋላ የታመመ ጆሮ፦ ጠብታው ቁስሉ ላይ እንዲደርስ ምን ይደረጋል?

ሚያዝያ ገብቶ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው የሐይቅ ዳርቻ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ወጣቶች ልብሳቸውን አውልቀው ውሃ ውስጥ ይገባሉ፤ ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ከእነርሱ መካከል አንዳንዶቹ አንድ ጆሯቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ወደ ጤና ጣቢያ ይመጣሉ። በዚህ አካባቢ በጤና መኮንንነት በሠራሁባቸው ዓመታት ደጋግሜ ያየሁት ነገር፣ ብዙዎቹ ሲመጡ የጆሮ ጠብታውን በኪሳቸው ይዘውት መምጣታቸው ነው። መድኃኒቱ አብዛኛውን ጊዜ ትክክለኛው ነው፤ ጊዜውም አላለፈበትም። ያልተሳካው ነገር ጠብታው ወደታመመው ቆዳ አለመድረሱ ነው። ስለዚህ በዚህ መመሪያ የማተኩረው በመድኃኒቶች ስም ላይ ሳይሆን ጠብታው መንገዱን አግኝቶ ቁስሉ ላይ እንዲያርፍና እዚያው እንዲቆይ በሚያደርጉት እርምጃዎች ላይ ነው።

ውሃው ጆሮ ውስጥ ምን ያደርጋል?

ከጆሮ ቀዳዳ እስከ ታምቡሩ ያለው ቦይ በአዋቂ ሰው ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት አለው። ቀጥ ያለ ቱቦ አይደለም፤ በመጠኑ ይጠመዘዛል። የውጭኛው አንድ ሦስተኛው ለስላሳ አጥንት ላይ ያረፈ ሲሆን ፀጉርና ኩክ የሚያመነጩ እጢዎች ያሉት እዚያ ነው። የውስጠኛው ሁለት ሦስተኛ ግን በቀጥታ አጥንት ላይ የተለጠፈ በጣም ስስ ቆዳ ነው። ይህ ቆዳ ሲያብጥ የሚሰፋበት ቦታ ስለሌለው በአጥንትና በእብጠቱ መካከል ይጨነቃል፤ የዚህ ሕመም ሥቃይ ከመጠኑ ጋር የማይመጣጠን መስሎ የሚታየውም ለዚህ ነው።

ኩክ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ቆሻሻ አይደለም። በመጠኑ አሲድነት አለው፣ ቅባት ስለሆነም ውሃ አያሳልፍም። አንድ ሰው በየቀኑ ረጅም ሰዓት ሲዋኝ ይህ ቅባት ይታጠባል፤ በቦዩ ጠመዝማዛ ውስጥ የቀረው ውሃ ደግሞ ቆዳውን ልብስ ስናጥብ እንደሚቆይ ጣት ያርሰዋል። የራሰ ቆዳ በቀላሉ ይላጣል፣ አሲድነቱም ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ እርጥበት የሚወደው ሱዶሞናስ የተባለው ባክቴሪያ ወይም በቆዳችን ላይ የሚኖረው ስታፊሎኮከስ ገብቶ ይራባል። ስለዚህ የሐይቁ ውሃ የግድ የቆሸሸ መሆን የለበትም፤ ንጹሕ ውሃም ጆሮ ውስጥ ከቆየ ለባክቴሪያው መንገዱን ይጠርግለታል።

አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን የሚጨርሰው ግን ራሱ ታማሚው ነው። የረጠበ ቆዳ ያሳክካል፤ ያሳከከውም ሰው የክብሪት እንጨት፣ የፀጉር ሽቦ፣ የእስክሪብቶ ክዳን ወይም የጠቀለለውን የነጠላ ጫፍ ወደ ውስጥ ይሰዳል። ያን ጊዜ የራሰው ቆዳ ይቧጨራል፣ ባክቴሪያውም ክፍት በር ያገኛል።

በእርግጥ የቦዩ ሕመም መሆኑን ማረጋገጥ

ሕመሙ ባብዛኛው በማሳከክ ይጀምርና በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ወደ ሕመም ይለወጣል። ጆሮ የተደፈነ ይመስላል፣ መስማት ይደክማል፣ ምግብ ሲታኘክ ወይም ሲዛጋ ይወጋል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ቀጭን ፈሳሽ ወይም መግል ይታያል።

ለመለየት የሚረዳ ቀላል ፈተና አለ። በጉንጭ በኩል የጆሮውን ቀዳዳ እንደ መዝጊያ በከፊል የምትጋርደውን ትንሽ ጉብታ በጣት ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ይጫኗት፤ ቀጥሎም ጆሮውን ይዘው ወደ ላይና ወደ ኋላ ቀስ ብለው ይሳቡት። ይህ ታማሚውን የሚያስጮኸው ከሆነ ሕመሙ ያለው በቦዩ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። ከታምቡሩ በስተጀርባ ያለው የመካከለኛው ጆሮ ሕመም ግን ብዙውን ጊዜ ከጉንፋን በኋላ ይመጣል፣ በተለይ በሕፃናት ላይ ትኩሳት ያስከትላል፣ ጆሮው ሲሳብም እምብዛም አያምም፤ ታምቡሩ ተቀዶ መግሉ ሲፈስም ሕመሙ በድንገት ቀለል ይላል። በቦዩ ሕመም መግሉ ቢፈስም ሥቃዩ አይቀንስም።

ሌላው ሊለይ የሚገባው ፈንገስ ነው። በዚህ ጊዜ ማሳከኩ ከሕመሙ ይበልጣል፤ ወደ ውስጥ ሲታይም የረጠበ ሶፍት የመሰለ ነጭ ነገር፣ አንዳንዴም በላዩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይታያል። የባክቴሪያ ጠብታ ለፈንገስ አይሠራም፤ እንዲያውም ጠብታውን ለሳምንታት ያለ ምክር ሲጠቀሙ የቆዩ ሰዎች ላይ ፈንገሱ የሚመጣው በዚያው ምክንያት ነው። የፈንገሱ ሕክምና ቦዩን በባለሙያ ማጽዳትና እንደ ክሎትሪማዞል ያለ የፈንገስ ጠብታ ነው።

ቤት ውስጥ ከመጀመር በፊት ሐኪም ማየት ያለባቸው

የስኳር ሕመም ያለባቸው፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ኤችአይቪ ያለባቸው ወይም በሌላ ምክንያት የሰውነት መከላከያቸው የተዳከመ ሰዎች የጆሮ ቦይ ሕመም ሲይዛቸው ከቤት ሕክምና ይልቅ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለባቸው። በእነርሱ ላይ ኢንፌክሽኑ ከቆዳው አልፎ ወደ ራስ ቅል አጥንት ሊገባ ይችላል። ምልክቱ ጠብታ እየተደረገ እንኳን የማይቀንስ፣ በተለይ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳ ጥልቅ ሕመም ነው፤ የፊት አንድ ጎን ከደከመ ወይም ከተጣመመ ነገሩ የቀጠሮ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ በዚያው ቀን ሪፈራል ሆስፒታል የሚኬድበት ጉዳይ ይሆናል።

ከጆሮው ውጭ ያለው ቆዳ ቀልቶ ካበጠ፣ ከጆሮ ጀርባ ያለው አጥንት ካበጠና ጆሮው ወደ ፊት የተገፋ ከመሰለ፣ ወይም ከፍተኛ ትኩሳት ካለ እንዲሁ ሳይዘገዩ ይሂዱ።

ቀደም ሲል ታምቡሩ እንደተቀደደ የተነገረው፣ ለዓመታት ጆሮው እየፈሰሰ የኖረ፣ ወይም አፍንጫውን ሲናፈጥ በጆሮው አየር ሲያፏጭ የሚሰማው ሰውም ጠብታ ከመጀመሩ በፊት ታምቡሩን ማሳየት አለበት። ጄንታማይሲንና ኒዮማይሲን የያዙ ጠብታዎች በተቀደደ ታምቡር አልፈው ውስጠኛው ጆሮ ከደረሱ መስማትን ሊጎዱ ይችላሉ። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ኦፍሎክሳሲን በዚህ ረገድ የተሻሉ ናቸው፤ ታምቡሩን በትክክል ማየት ባልተቻለበት ጊዜ እነርሱን የምመርጠውም ለዚህ ነው።

በመግል ላይ የተንጠባጠበ ጠብታ

አንድ ጊዜ የ19 ዓመት ወጣት ከእናቱ ጋር መጣ። አሥር ቀን በተከታታይ ሐይቁ ውስጥ ሲዋኝ ከቆየ በኋላ የግራ ጆሮው አሳከከው፤ በክብሪት እንጨት ፈቀፈቀው፤ በማግሥቱ ሲነሳ ያመዋል። አንድ ሰው አሞክሳሲሊን ሰጠውና አምስት ቀን ዋጠ። ሕመሙ ሲብስ የሲፕሮፍሎክሳሲን ጠብታ ገዛና በርጩማ ላይ ቁጭ እንዳለ አንገቱን ትንሽ ዘንበል እያደረገ ለሦስት ቀን አንጠባጠበ። እናቱ «ዶክተር፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲቃትት ነው ያደረው፤ ጠብታውም አልያዘለት» አሉኝ። «አብሽሩ እናቴ፣ መድኃኒቱ ደግ ነው» ብያቸው ልጁን ጋደም አደረግሁት። ጉብታዋን ገና ስነካት «ወላሂ እንዳትነካኝ!» ብሎ ተነሳ።

የልጁን ሕክምና ወደ ሁለት ጥያቄ ማሳጠር ይቻላል። አንደኛው እንክብሉ ለምን አልሠራም የሚለው ነው። ሱዶሞናስ በአሞክሳሲሊን አይሞትም፤ ከዚያም በላይ የተዋጠ መድኃኒት በደም ዞሮ ወደ ቦዩ ቆዳ የሚደርሰው በጥቂቱ ሲሆን ጠብታው ግን በቀጥታ ከደረሰ ብዙ እጥፍ የሆነ መጠን ያሳርፋል። ኢንፌክሽኑ ከቦዩ ካልወጣና ታማሚው ከላይ ከጠቀስኳቸው ሰዎች ካልሆነ የሚዋጥ ፀረ ባክቴሪያ አያስፈልግም። እኔ ራሴ በሥራዬ መጀመሪያ ላይ «ለማንኛውም» እያልኩ እንክብል የጨመርኩበት ጊዜ ነበር፤ ያተረፍኩት የሆድ መረበሽን ብቻ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ጠብታው ለምን አልሠራም የሚለው ነው። በጆሮ መመልከቻ ስመለከት ቦዩ ከመግሉና ከተላጠው ቆዳ የተሠራ ሊጥ የመሰለ ነገር ሞልቶታል፤ ከሥሩ ያለው ቦይም አብጦ የቀረው ክፍተት የመርፌ ቀዳዳ ያህል ሆኗል። ሦስቱን ቀን የተንጠባጠበው መድኃኒት በሊጡ ላይ አርፎ በአንገቱ ወርዷል።

መግሉን በደረቅ ማጽዳት

በቤት ውስጥ የሚደረገው ጽዳት የሚመለከተው ከቀዳዳው ጠርዝ ላይ ያለውን መግል ብቻ ነው። ወደ ውስጥ የተጋገረውን ማውጣት የባለሙያ ሥራ ነው፤ ያለ ብርሃንና ያለ መመልከቻ የሚሞከር ጽዳት መግሉን ወደ ታምቡሩ ይገፋዋል። በዚህ ሕመም ጊዜ ጆሮን በስሪንጅ ውሃ ማጠብ ደግሞ ፈጽሞ አይደረግም።

እጅዎን በሳሙና ታጥበው ያድርቁ። ንጹሕ ሶፍት ወይም ንጹሕና ውሃ የሚመጥ ስስ የጥጥ ጨርቅ ወስደው ጫፉ ሹል ሆኖ በቀላሉ የሚታጠፍ፣ የማይወጋ ጠመዝማዛ አድርገው ይጠቅልሉት። ጫፉን በቀዳዳው ላይ ያስገቡት፤ ሳይገፉና ሳይፈትሉ መግሉን እስኪመጥ ድረስ ትንሽ ጠብቀው ያውጡት። በእያንዳንዱ ጊዜ አዲስ ጠመዝማዛ ይጠቀሙ፤ ጫፉ ደረቅ ሆኖ እስኪወጣ ይደጋግሙት። በኩክ ማውጫ በትር ጥጥ አይጠቀሙ፤ በትሩ ጠንካራ ስለሆነ የተነጠለውን ቆዳ ይልጣል። ጠመዝማዛውን ጆሮ ውስጥ ረስተው አይተዉት፤ ይህ በቀልድ የሚታለፍ አይደለም፣ ለወራት ተደብቆ የኖረ ሶፍት ያወጣሁበት ጊዜ አለ።

ጠብታውን መጨመር

መድኃኒቱ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ወይም ባዘዘው ባለሙያ መጠን ይወሰዳል። ሲፕሮፍሎክሳሲንን ከዴክሳሜታዞን ጋር የያዘው ጠብታ፣ እብጠት በሚኖርበት ጊዜ የሚመረጠው፣ በአብዛኛው 4 ጠብታ በቀን 2 ጊዜ ለ7 ቀን ይታዘዛል፤ ጠዋት አንድ ሰዓትና ማታ አንድ ሰዓት ላይ ቢደረግ ለማስታወስ ይመቻል። የዓይን ጠብታ ተብለው የሚሸጡ አንዳንድ ፀረ ባክቴሪያዎች በሐኪም ትእዛዝ ለጆሮ ይታዘዛሉ፤ ለጆሮ ብቻ የተዘጋጀውን ግን ዓይን ውስጥ መጨመር አይገባም።

መጀመሪያ ጠርሙሱን በመዳፍዎ ውስጥ ሁለትና ሦስት ደቂቃ ያህል ይዘው ያሙቁት። ይህ ለምቾት ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ ቀዝቃዛ ጠብታ ወደ ውስጥ ሲገባ ራስን ያዞራል፣ ታማሚውም እንዳይደገም ይሸሻል። በእሳት ወይም በፈላ ውሃ አይሞቅም፤ በጣም የሞቀ ጠብታ የታመመውን ቆዳ ያቃጥለዋል፣ መድኃኒቱንም ሊያበላሸው ይችላል።

ቀጥሎ ታማሚው ጤነኛው ጆሮው ከታች ሆኖ በጎኑ ይጋደም። ቁጭ ብሎ አንገት ማዘንበል በቂ አይደለም፤ ጠብታው ወደ ውስጥ የሚወርደው በክብደቱ ስለሆነ ቦዩ በተቻለ መጠን ቀጥ ብሎ ወደ ላይ መመልከት አለበት። ብቻውን የሚጠቀም ሰው ቢሆን እንኳን አልጋ ላይ ጋደም ብሎ ማድረግ ይችላል፤ ሌላ ሰው ቢረዳው ግን የተሻለ ነው።

ከዚያ በኋላ የጆሮውን ላይኛ ክፍል ይዘው ወደ ላይና ወደ ኋላ ቀስ ብለው ይሳቡት፤ ይህ የቦዩን ጠመዝማዛ ያቃናዋል። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ወደ ታችና ወደ ኋላ ነው የሚሳበው። የጠርሙሱ አፍ ጆሮውን እንዳይነካ አድርገው ጠብታውን በቦዩ ግድግዳ ላይ እንዲወርድ ይጣሉት። ጠብታው በቀዳዳው መሐል ቀጥ ብሎ ቢወድቅ ከሥሩ አየር ታስሮ ከላይ ተንሳፍፎ ይቀራል፤ በግድግዳው ላይ ሲወርድ ግን አየሩ በሌላው ጎን ይወጣል።

አሁን የመጨረሻውና በብዛት የሚዘለለው እርምጃ ይቀራል። ጉብታዋን በጣት ከአራት እስከ አምስት ጊዜ ወደ ውስጥ ገፋ እያደረጉ ይልቀቋት። በዚህ ጊዜ የታሰረው አየር ብቅ ብሎ ሲወጣና ጠብታው ከቀዳዳው ዝቅ ሲል በዓይን ይታያል። ጠብታው ዝቅ ካላለ ከሥሩ መግል ወይም እብጠት አለ ማለት ነው፤ ይህን ያየ ሰው ጠብታ መጨመሩን ብቻ ቢቀጥል ትርጉም የለውም፣ ጆሮውን የሚያጸዳ ባለሙያ ያስፈልገዋል። ታማሚው በዚያው ጎኑ አምስት ደቂቃ ያህል ይቆይ፤ ከዚያ ተነስቶ የወጣውን በሶፍት ይጥረግ። ጆሮውን በጥጥ ደፍኖ አይሂድ፤ ጥጡ መድኃኒቱን ይመጠዋል፣ ቦዩንም ያረጥባል።

ጠብታውን ካደረጉ በኋላ መራራ ጣዕም ወደ ጉሮሮ ከመጣ ታምቡሩ ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል፤ መድኃኒቱን አቁመው ይታዩ። ጆሮው በጠብታው ከበፊቱ ይልቅ ካቃጠለና ዙሪያው ቀልቶ ካሳከከ፣ በተለይ ኒዮማይሲን ያለበት ጠብታ ከሆነ፣ አለርጂ ሊሆን ይችላል። አምስት ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ መቶ ያህል ጠብታ ይኖረዋል፤ ለአንድ ጆሮ ሰባት ቀን የሚፈለገው ከግማሽ ጥቂት በላይ ነው። የተረፈው ለሚቀጥለው ዓመት አይቀመጥም፤ ከተከፈተ አንድ ወር ያለፈውን ይጣሉት።

ቦዩ ሲዘጋ፦ የጎዝ ፈትል

የዚያ ወጣት ቦይ ጠባብ ስለነበር ጽዳቱ ብቻ አልበቃም። ሊጡን በጥንቃቄ ካወጣሁ በኋላ ለቁስል መሸፈኛ ከሚሆነው ጎዝ ቀጭን ጥብጣብ ወስጄ በጠብታው አረጠብኩና በመቆንጠጫ ቀስ ብዬ ወደ ቦዩ አስገባሁት፤ ጫፉ ከቀዳዳው ጥቂት ወጣ ብሎ እንዲታይ ተውኩት። ይህ ፈትል ጠብታውን እንደ ኩራዝ ክር መጥጦ ካበጠው ክፍል አልፎ እስከ ውስጥ ያደርሰዋል፣ ከግድግዳው ጋርም ያገናኘዋል። ልጁና እናቱ ቤት ሲሄዱ የነበራቸው ትእዛዝ አጭር ነበር፤ በቀን ሁለት ጊዜ አራት አራት ጠብታ በፈትሉ ጫፍ ላይ ይጨመራል፣ ፈትሉ አይሳብም፣ ራሱ ቢወድቅ አያስደነግጥም። መውደቁ እንዲያውም እብጠቱ መቀነሱን የሚያሳይ ደግ ምልክት ነው። በሦስተኛው ቀን ይለወጣል ወይም ይወጣል።

ለሥቃዩ ከጠብታው በተጨማሪ ማስታገሻ ያስፈልጋል፤ ይህን ማንም ሊያሳንሰው አይገባም። ለአዋቂ ፓራሲታሞል ከ500 ሚሊ ግራም እስከ 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም ሳይበልጥ ይወሰዳል። የጨጓራና የኩላሊት ችግር ለሌለበት አዋቂ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም ከምግብ በኋላ በየ8 ሰዓቱ ሊጨመር ይችላል፤ እርጉዝ ሴቶች ግን ይህን ያለ ሐኪም ምክር አይውሰዱ። ልጁ የመጀመሪያውን ሌሊት በማስታገሻው አደረ፤ በሁለተኛው ቀን ምግብ ሲያኝክ የነበረው ውጋት ቀለለ፤ በሦስተኛው ቀን ሲመጣ ፈትሉ ግማሹ ወጥቶ ነበር፣ ጉብታዋን ስጫንም ፊቱን ቋጠረ እንጂ አልጮኸም። ፈትሉን አውጥቼ እናቱን ከላይ የጻፍኩትን አጋደምና ገፋ ማድረግ አሳየኋቸው፤ ቀሪዎቹን ቀናት በቤቱ ጨረሰ።

በትክክል የተደረገ ጠብታ በ48 እና በ72 ሰዓት መካከል መሻሻል ማሳየት አለበት። በሦስተኛው ቀን ምንም ለውጥ ከሌለ ጠርሙሱን ከመቀየር በፊት ሦስት ነገር ይጠየቃል፦ ጠብታው በእርግጥ እየገባ ነው ወይ፣ ፈንገስ ነው ወይ፣ ታማሚው ያልታወቀ ስኳር አለበት ወይ። ጠብታውን ደግሞ ሕመሙ በሦስተኛው ቀን ጠፋ ብሎ ማቋረጥ አይገባም፤ የታዘዘው ሰባት ቀን ይሙላ።

ጆሮውን ደረቅ ማድረግ

ጠብታው በሚደረግባቸው ቀናትና ከዚያም በኋላ፣ በጠቅላላው ከ7 እስከ 10 ቀን ያህል፣ ዋና ይቆማል። ሻወር ሲወሰድ ትንሽ የጥጥ ኳስ በቫዝሊን በደንብ ተለውሶ በቀዳዳው አፍ ላይ ይቀመጣል፤ ወደ ውስጥ አይገፋም፣ ሻወሩ እንዳለቀም ይወጣል። ደረቅ ጥጥ ለዚህ አይሆንም፤ ውሃውን መጥጦ ጆሮው ላይ ያስቀምጠዋል።

በእኛ ወሎ ይህ ጥያቄ ከመታጠብ ያልፋል። ውዱእ ላይ ጆሮ የሚታበሰው በረጠበ ጣት ስለሆነ ጣቱን ካራገፉ በኋላ እጥፋቱን ቀስ ብሎ ማበስ ቦዩን አያረጥበውም፤ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሙሉ ገላ በሚታጠብበት ጊዜ ነው። ጠበል የሚጠመቅ ሰውም ውሃው ከአንገት በታች እንዲወርድለት ወይም የታመመው ጆሮ በሌላኛው ጎን እንዲሆንለት አጥማቂውን አስቀድሞ ቢነግር ችግር የለውም። በዚሁ አጋጣሚ የሚሞቅ ቅቤ፣ የነጭ ሽንኩርት ጭማቂ ወይም ዘይት ጆሮ ውስጥ መጨመር በዚህ ሕመም ጊዜ ጉዳት ነው፤ የታመመውን ቆዳ ያቆጣዋል፣ ሐኪሙም ታምቡሩን እንዳያይ ይጋርደዋል።

ወደ ሐይቁ ሲመለሱ

ሕመሙ ጠፍቶ ጠብታውም አልቆ ከተመለሱ በኋላ ከውሃ በወጡ ቁጥር ራስን ወደ አንድ ጎን አዘንብለው ጆሮውን ወደ ተለያየ አቅጣጫ እየሳቡ ውሃው እንዲወርድ ያድርጉ፤ በሌላው ጎንም ይድገሙት። በፎጣ ወይም በጋቢ የሚጠረገው ከውጭ የሚታየው ክፍል ብቻ ነው። ቤት ውስጥ የፀጉር ማድረቂያ ያለው ሰው በዝቅተኛው ሙቀት አድርጎ ከጆሮው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቆ ትንሽ ቢነፋው ቦዩ ይደርቃል።

በየቀኑ ለሚዋኝና ሕመሙ ለተመላለሰበት ሰው አንድ የቤት ድብልቅ አለ፦ ነጭ አቼቶና 70 ከመቶ የሆነ የሕክምና አልኮል በእኩል መጠን ይደባለቃሉ። አልኮሉ ውሃውን ይዞት ይተናል፣ አቼቶው የታጠበውን አሲድነት ይመልሳል። ከዋና በኋላ በየጆሮው ከሦስት እስከ አራት ጠብታ ተደርጎ ለአንድ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይደፋል። ቀይ አቼቶ ወይም ከምግብ ቤት የተረፈና ቅመም የገባበት አይሆንም። ድብልቁ መከላከያ እንጂ ሕክምና አይደለም፤ ቆዳው በተላጠበት ወይም ሕመሙ ባለበት ጊዜ ሲገባ ያቃጥላል፣ ታምቡሩ የተቀደደ ወይም ጆሮው የሚፈስ ሰው ደግሞ በፍጹም መጠቀም የለበትም።

ያ ወጣት በግንቦት መጨረሻ እንደገና መጣ፤ በዚህ ጊዜ ያሳከከው ቀኝ ጆሮው ነበር። ክብሪት አልነካም፣ ሕመምም አልነበረውም፤ ጉብታዋን ስጫናትም ዝም ብሎ አየኝ። ቦዩ በትንሹ ቀልቶ ነበር እንጂ አላበጠም፣ መግልም አልነበረበትም። ለአንድ ሳምንት ከውሃ እንዲወጣ ነገርኩት፤ ድብልቁንም ቆዳው እስኪድን እንዳይነካው፣ ከዳነ በኋላ ግን ከእያንዳንዱ ዋና በኋላ እንዲያደርገው። መቼ መዋኘት እንደሚችል ሲጠይቀኝ «ጉብታዋን ራስህ ተጫናት፤ ከሳምንት በኋላም ምንም ካልተሰማህ ግባ» አልኩት።